የሦስቱም ኮምፒውተሮች ፋይል ተቆልፏል፤ ከሰዓት በኋላ የሚረከብ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ

የማራኪዋ ጸሐፊ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ አጠገብ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የደንበኞች ፎልደር በሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ አልከፈት ብሏል። በፋይሎቹ ስም ጫፍ የማላውቃቸው ፊደላት ተጨምረዋል። ገንዘብ ክፈሉ የሚል `_readme.txt` አለ። ሦስቱንም ፎርማት ላድርጋቸው?

አዘዞ፦ ጥሩ አንቲቫይረስ ይጫኑ፣ ይለቃል። የእኔ ፍላሽ ሁሉም ፎልደር ሾርትከት ሆኖበት በዚያው ነው የዳነው።

ባለ ሰርቨሩ፦ ያ ሌላ ነው፤ እዚህ ፋይሉ ራሱ ተመስጥሯል። አንቲቫይረስ ቫይረሱን ቢያጠፋም የተቆለፈውን አይከፍትም። እኅቴ፣ ምንም ፎርማት አያድርጉ። መጀመሪያ የሦስቱንም ኢንተርኔት ያቋርጡ። ፎልደሩ የሚገናኘው በምንድን ነው?

የማራኪዋ ጸሐፊ፦ በዋንድራይቭ፣ በየዓመቱ በምንከፍልበት። አቋርጫለሁ።

ቀበሮ ሜዳ፦ ዛሬ መብራት ቢጠፋ ኖሮ ግማሹ ይተርፍ ነበር! ሁልጊዜ የሚሰደበው መብራት ኃይል ለአንድ ቀን ይመሰገን ነበር።

ደብተራው፦ በመሠረቱ ጥፋቱ ዋንድራይቭን መጠባበቂያ ብሎ መያዙ ነው። አንዱ ላይ የተበላሸ ሁሉም ላይ ይበላሻል። መጠባበቂያ ማለት ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ነው።

ባለ ሰርቨሩ፦ እውነት ነው፤ ዛሬ ግን መሳቢያው ባዶ ነው። ደግሞም ዋንድራይቭ የቀድሞውን ቅጂ ያስቀራል።

እኅቴ፣ የታመመው ምናልባት አንዱ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እሱ ፋይሉን ሲቆልፍ ዋንድራይቭ እንደ ተራ ማስተካከያ ቆጥሮ ወደ ሁለቱ አደረሰው። የታመመውን ለመለየት ከፎልደሩ ውጭ ያለውን፣ ዴስክቶፕንና ዳውንሎድን ይዩ። እዚያም የተቆለፈ ፋይል ያለበት እሱ ነው፤ አጥፍተው ለብቻው ያስቀምጡት።

ቀጥሎ ከእነዚህ ውጭ በሆነ ኮምፒውተር ዋንድራይቭን በብራውዘር ይክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉንም ይቀይሩ። በቅንብሩ ውስጥ `Restore your OneDrive` የሚል አለ። ያለፉትን 30 ቀናት ለውጦች በተራ ያሳያል። ስሙ የተቀየረውን የመጀመሪያ ፋይል ይፈልጉና ከእሱ በፊት ወዳለው ደቂቃ ይመልሱ። ከዚያ በኋላ የተሠራ ደህና ፋይል ካለ አስቀድመው ያውርዱት፤ አብሮ ወደ ኋላ ይመለሳልና።

ቀበሮ ሜዳ፦ ሦስቱንም ፎርማት ማድረግ አይሻልም?

ባለ ሰርቨሩ፦ የታመመውን፣ አዎ፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሳይጫንበት ኢንተርኔት አይንካው። አለበለዚያ የተመለሰውን እንደገና ይቆልፋል። ሁለቱ ላይ ከፎልደሩ ውጭ የተቆለፈ ከሌለ፣ አጠራጣሪ ፕሮግራምም ካልተከፈተባቸው፣ በአንቲቫይረስ መፈተሽ ይበቃል።

አዘዞ፦ የማንከፍልበት ነጻው ላይስ?

ባለ ሰርቨሩ፦ ያ በመደበኛው አንድ ላይ መመለሻ የለውም። ፋይል በፋይል `Version history` ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ የጠፋውን በሪሳይክል ቢን ውስጥ ይፈልጋሉ። ብዙ ፋይል ካለ አድካሚ ነው።

የማራኪዋ ጸሐፊ፦ ዴስክቶፑ የተቆለፈው የኅትመቱ ኮምፒውተር ነው። ትናንት ልጁ የጫነበት ነጻ ፎቶ ማስተካከያ አለ። በስልኬ ገብቼ መመለሻውን ጀምሬዋለሁ፤ እየሠራ ነው ይላል፣ ገና አልጨረሰም።

ደብተራው፦ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም በነጻ ማውረድ ይኸው ነው።