የመርካቶና የአያት ሠፈር ሽያጭ ክፍፍል አልስተካከል አለኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ ሳሙና የሚያከፋፍል ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነኝ። መርካቶንና አያትን ለሁለት የሽያጭ ሠራተኞች፣ ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት፣ የከፈልኩት በደንበኛ ቁጥር ሳይሆን በሰዓት ነበር።

የመርካቶው ልጅ 60 ጅምላ ነጋዴዎች አሉት። በሳምንት አንዴ፣ 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ 20 ሰዓት ነው። አያት ሠፈር የምትሠራዋ ልጅ 110 ሱቆች ግን እያንዳንዳቸው ከመንገዱ ጋር 25 ደቂቃ ይፈጃሉ። ወደ 46 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ 30 ሱቅ ወደ እሱ አዛወርኩ። እሱ 32 ተኩል፣ እሷ 33 ሰዓት ገደማ ሆኑ።

ድካሙ ተስተካከለ፤ ገቢው ግን አልተስተካከለም። ኮሚሽኑ በሽያጭ መጠን ስለሆነ እሱ አሁንም እጥፍ ያገኛል። የባሰው ደግሞ የአያት ሱቆች ዕቃውን ከመርካቶ ራሳቸው እየገዙ ይሄዳሉ። እሷ ያሳመነችው ሱቅ ሽያጩ በእሱ ስም ይመዘገባል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ እንዳትለቅብኝ እሰጋለሁ።

ትልልቆቹን ጅምላ ነጋዴዎች ከኮሚሽን አውጥቼ በቢሮ ልያዛቸው? ወይስ ደንበኞቹን ሳልነካ ለየአካባቢው የተለየ ዕቅድ አውጥቼ ኮሚሽኑን በዕቅዱ አፈጻጸም ልክፈል? ያለፈውን ዓመት ሽያጭ መነሻ ካደረግሁ ያው አድልዎ ይደገማል። የአያትን ትክክለኛ አቅም በምን ልለካው? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።