ዲያሊሲስ ላይ ሆኜ የወሲብ ፍላጎቴ ጠፋ፤ ያለፋችሁበት ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። የ43 ዓመት ባለትዳር ነኝ፤ ኩላሊቴ ሥራ ካቆመ በኋላ ዲያሊሲስ ላይ ነኝ። የወሲብ ፍላጎቴ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ብልቴም አይቆምም፣ ጠዋት ስነቃ እንኳን። ባለቤቴ ፍቅሬ የቀነሰ ስለሚመስላት በጣም እጨነቃለሁ።

መጀመሪያ የተገኘው የደም ማነስ ነው። ሄሞግሎቢኔ 8 ነበር፤ በኤሪትሮፖይቲን መርፌና በአይረን 10.8 ሲደርስ ድካሙ ቀለለ፣ ፍላጎቱም ትንሽ ተመለሰ። መቆሙ ግን አልተስተካከለም። በሆርሞን ምርመራ ቴስቶስትሮን ዝቅ፣ ፕሮላክቲን ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሜ እንዳስረዳኝ የደከመ ኩላሊት ፕሮላክቲንን በደንብ አያስወግድም፤ እሱ ሲበዛ ደግሞ ቴስቶስትሮን እንዲመረት ከአንጎል የሚወርደውን ትእዛዝ ያዳክማል። ለማቅለሽለሽ የምወስደው ሜቶክሎፕራማይድም ፕሮላክቲንን ይጨምራል (ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም)፤ ስለዚህ ሊቀይርልኝ ነው።

ብልት እንዲቆም የሚረዳውን ሲልደናፊል በ25 ሚሊግራም እንድጀምርም አስቧል። ለደረት ሕመም የሚሰጠውን ናይትሬት እንደማልወስድ አረጋግጧል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ። የእኔ ስጋት ከእጥበት ስወጣ ግፊቴ 90 በ60 መሆኑ ነው።

ዲያሊሲስ ላይ ሆናችሁ ይህን መድኃኒት የወሰዳችሁ፣ የምትወስዱት እጥበት በሌለበት ቀን ነው? ወንድሜ ኩላሊት ሊሰጠኝ ምርመራ ጀምሯል፤ ንቅለ ተከላ ያደረጋችሁስ ፍላጎቱም መቆሙም ተመለሰላችሁ ወይስ አንዱ ቀረ? በስንት ወር?