ጥያቄ፦ ባለ አንድ ምድጃ ጋዝ ላይ እሳቱ ለስለስ አልል አለኝ

ጠያቂዋ
ቦሎቄ ስቀቅል እሳቱን ብቀንሰውም ይንተከተካል፣ ታቹ ያርራል። ትንሽ ልጨምርና ልቀንሰው ስል ደግሞ ድርግም ይላል። ምን ላድርግ?

ቶሎ መላሽ
የሲሊንደሩን ቫልቭ እስከ ግማሽ ዝጊው። እኔ እንደዛ አድርጌ ነው የማበስለው፣ እሳቱ ያንሳል።

የድሮ ወጥ ቤት
ያንስ ይሆናል፤ ግን ቫልቩ ለመክፈትና ለመዝጋት ነው እንጂ እሳት ለመመጠን አይደለም። ነበልባሉ ይዋዥቅና ሳታዪው ይጠፋል፣ ጋዙ ግን መውጣቱን ይቀጥላል።

ማዞሪያውን ወደ የት ነው የምትቀንሺው? ብዙ ምድጃ ላይ ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚመጣው ትልቁ እሳት ነው። ትንሹ ከእሱ አልፎ፣ እስከ መጨረሻው ሲዞር ነው የሚገኘው። ወደ መዝጊያው ከመለስሽው ይጠፋል።

ቦሎቄውን ደግሞ መጀመሪያ 10 ደቂቃ በደንብ አፍይው። በተለይ ቀዩ ጥሬው መርዛማ ነው፣ ለብ ባለ እሳት ብቻ አይሆንም። ከዚያ ቀንሺ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሪበት ከዚያ በላይ አይግልም፤ ቶሎ ይተናል እንጂ ቦሎቄው ቶሎ አይበስልም።

ጠያቂዋ
እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ በራ! ግን ሲከደን አሁንም ይፈላል።

የድሮ ወጥ ቤት
ክዳኑ ሙቀቱን ይይዛል። በማንኪያ ደገፍ አድርገሽ ጥቂት ክፍተት ተዪለት። ከላይ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቻ ብቅ ካለ ልክ ነው። ታቹ የሚያርረው ድስቱ ስስ ከሆነ ነው፤ እሳቱ መሃሉን ብቻ ይመታዋል። ወፈር ያለ ብረት ዝርግ ከሥሩ አድርጊ፣ ግን ምድጃው ከሚፈቅደው በላይ ሰፊ እንዳይሆን፣ ነበልባሉን ያፍነዋል።

ባለ ከሰሉ
የእኔ ከሰል ነው፣ ቫልቭ ምናምን የለውም። እንዴት ልቀንስ? ውሃ እረጫለሁ፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ቁጭ ይላል።

የድሮ ወጥ ቤት
ውሃውን ተወው፣ አመዱ ድስት ውስጥ ይገባል። ከታች ያለውን የአየር በር ጠበብ አድርገው። ከሰል ቶሎ አይሰማም፣ ጥቂት ደቂቃ ስጠው። ካልበቃ ፍሙን ወደ አንድ ዳር ገፍተህ ድስቱን ከጎኑ አድርገው። አዲስ ከሰል ዳር ላይ ጥቂት ጥቂት ጨምር፤ አንዴ ካፈሰስክበት መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቆይቶ ይንቀለቀላል። በተዘጋ ቤት ግን እንዳትሞክረው፣ ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል።

ሌላ አባል
ከብረት ዝርግ ይልቅ ድስቱን ከፍ የሚያደርግ ሦስት እግር ይሻላል፤ ዝርጉ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ይዘገያል።

ጠያቂዋ
ለእኔ መዘግየቱ ነው የሚመቸኝ፣ ቦሎቄ አይቸኩልም። መጀመሪያ ዝርጉን እሞክራለሁ።