ለልጄ ምረቃ ሰዓት ስሰጣት የምናገረው ላይ ተቸገርኩ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እሁድ ደብረ ብርሃን ቤታችን ልጄን እናስመርቃለን። ስጦታዋ ባትሪ የሌለው፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ አውቶማቲክ ሰዓት ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ መናገር አልፈልግም፤ ጠላ የያዘ እንግዳ መች ይሰማል! ያለኝ ይኸው፦

«ልጄ፣ ይህ ሰዓት እጅ ላይ ካሰሩት ይሠራል፣ ካስቀመጡት ይቆማል። እስከ ዛሬ በእኛ ሰዓት ተነሳሽ፤ ከእንግዲህ በራስሽ ነው። በሉ፣ ለልጄ ጤና!»

ሳጥን ውስጥ ከሰነበተ ስለሚቆም ጠዋት ቁልፉን 30 ጊዜ ያህል አዙሬ እሞላዋለሁ። የቸገረኝ በየትኛው አቆጣጠር እንደማስተካክለው ነው። በሐበሻ አቆጣጠር ባስተካክለው ቀኑ የሚቀየረው ሌሊት 6 ሰዓት ሳይሆን ማታ ወይም ንጋት 12 ላይ ይሆናል፤ ቀን ቆጣሪው መርፌዎቹ 12ን ሲያልፉ ነውና የሚዞረው። በፈረንጅ ብተወው ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ስሰጣት መርፌው 2ን ያሳያል፣ አያቷም «ተሳስቷል» ይላሉ። የትኛው ይሻላል?

ሌላው፣ ማሰሪያው የቆዳ ስለሆነ ቀዳዳውን ለማግኘት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ብርጭቆ ይዤ አይሆንልኝም። ከ«ለልጄ ጤና» በፊት ላስርላት ወይስ በኋላ? «በራስሽ ነው» የሚለውስ ከቤት ማባረር አይመስልም?