ኔትወርክ ሲጠፋም ይሽጥ፦ ለደንበኛው ምን ተብሎ ይጻፍ?

ጠያቂዋ (ኮምቦልቻ)፦ ደንበኛዬ ሲሚንቶ አከፋፋይ ነው። መጋዘኑ እዚህ፣ ሱቁ ደሴ ፒያሳ። በስልክ የሚሠራ የሽያጭ ሲስተም ሠርቼለት ጥቅምት 20 ላስረክብ ስል «ኔትወርክ ሲጠፋም መሸጥ አለበት» አለኝ። «የጠየቁት ሥራ ርክክቡን በ5 ሳምንት ያዘገያል» ብዬ ኢሜይል ልልክ ነው። ይበቃል ወይስ ዝርዝሩን ልጻፍ?

የሸዋበሩ ልጅ፦ ነጋዴ የሚያየው ቀንና ብር ነው። ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው፣ አለቀ።

ባለሱቁ፦ ኧረ ተው! እኔ ሲስተም ሳሠራ «5 ሳምንት» ከተባልኩ ሌላ ሥራ ይዘዋል ብዬ ነው የማስበው። ደግሞ ቴሌግራም ላይ ያለ ኔትወርክ የጻፍኩት ቆይቶ ራሱ ይላካል። ይሄ በምን ተለየ?

ጀማሪው፦ እኔም እሱን ነው የምለው። ሽያጩን ስልኩ ላይ ያስቀምጥ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይላክ። ቢበዛ የ3 ቀን ሥራ ነው።

የቆየ ፕሮግራመር፦ ስልኩ ላይ ማስቀመጡስ ልክ ነህ፣ ቀላል ነው። ጣጣው ሲላክ ነው። መጋዘን ውስጥ 100 ኩንታል አለ እንበል። ኔትወርክ ጠፋ። ኮምቦልቻ 70 ሸጠ፣ ስልኩ «30 ቀረ» ይላል። ደሴ 50 ሸጠ፣ የሱ ደግሞ «50 ቀረ» ይላል። ኔትወርክ ሲመጣ የደሴው ኋላ ከደረሰ ሰርቨሩ 50 አለ ብሎ ይመዘግባል። ለተሸጠው እንኳ 20 ጎድሎ!

ስለዚህ ስልኩ የቀረውን ሳይሆን የወጣውን መላክ አለበት። እያንዳንዱ ሽያጭም እዚያው ስልኩ ላይ የራሱ ቁጥር ይሰጠው። ያለዚያ ሰርቨሩ መዝግቦ መልሱ መንገድ ላይ ከጠፋ ስልኩ ይደግመዋል፣ 70ው 140 ይሆናል። ሁለት ስልክ ይዘሽ ዳታ አጥፍተሽ ሽጪ፣ እየላከ መሃል ላይ ቁረጪበት፤ ጉዱ ያኔ ይወጣል።

እስካሁን ያልኩት ያንቺ ሥራ ነው። የጎደለው 20 ግን የደንበኛሽ ውሳኔ ነው። ኢሜይሉ ላይ ምሳሌውን ጻፊና ጠይቂው፦ «ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ደሴ ከተወሰነ ኩንታል በላይ እንዳይሸጥ እንከልክል ወይስ ይሽጥና የጎደለውን እርስዎ ያሟሉ?» እሱ ሳይመርጥ 5 ሳምንቱም ግምት ነው።

ባለሱቁ፦ እኔ ብሆን ይሽጥ ነው የምለው። ገዢ ከበር አይመለስም።

የሸዋበሩ ልጅ፦ ሲሚንቶ ሲወደድ ተበድረህ ልታሟላ? እኔ እከለክላለሁ።

የቆየ ፕሮግራመር፦ አያችሁ፣ ሁለታችሁ እንኳ አልተስማማችሁም። እህቴ፣ ሌላም መንገድ አለ። ጥቅምት 20 ያለቀውን አስረክቢ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ዋጋና የመጨረሻውን ቀሪ ብቻ ያሳይ፣ ከነሰዓቱ። ሽያጩ ኋላ ይጨመራል።

ጠያቂዋ፦ ይሄ ይሻላል፣ ምርጫውን ለሱ እተዋለሁ። የ5 ሳምንቱን ክፍያስ?

ባለሱቁ፦ ኔትወርክ እንደሚጠፋ ማን አጣው? መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብሽ። አልከፍልም።

ጀማሪው፦ ውሉ ላይ የለም እኮ! ያልተጻፈ ሥራ በነፃ ይሠራል?