በነፃ አፕ ባክግራውንዱ የተቀየረ ፎቶ ፍሬም ይገባል ወይስ ስልክ ላይ ይቀራል?

ጠያቂዋ፣ ደብረ ብርሃን
እናቴ ግቢ ውስጥ ነጠላ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ባክግራውንዱን ወደ አንኮበር ተራሮች ቀይሬ 13 በ18 ፍሬም ላስገባላት ነው። ነፃ የሚሉ አፖች ብዛታቸው ለጉድ ነው። ወንድሜ ሁሉም አንድ ነው ይላል፣ ጎረቤታችን ያለው ፎቶ ቤት ደግሞ በነፃ አፕ የተሠራ አይታተምም ይላል። ለጀማሪ የትኛው ይሻላል? በምንስ ይታወቃል?

የሸዋ ሮቢት ልጅ
ወንድምሽ ልክ ነው። ዘንድሮ ሁሉም ሰውየውን ቆርጠው ያወጣሉ፣ አለቀ። ኮከቡ ከ4.5 በላይ የሆነውን አውርጂና ሥሪ። ማውረድ ካልፈለግሽ በብሮውዘር remove.bg ግቢ፣ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ጠርዙም ንጹህ ነው።

ዲዛይነሯ
ጠርዙ ንጹህ መሆኑን አልክድም፣ ያ ሳይት አቆራረጥ ያውቅበታል። ችግሩ በነፃ የሚያወርድልሽ ፋይል 0.25 ሜጋፒክስል ብቻ መሆኑ ነው። ስልክሽ 12 ሜጋፒክስል አንስቶ ከሆነ 4000 በ3000 ሰጥተሽ የምትቀበይው 577 በ433 ገደማ ነው ማለት ነው።

አሁን ፍሬሙን አስቢው። 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ጥርት ብሎ እንዲታተም በኢንች 300 ነጥብ ይታሰባል፣ ይኼም 1535 በ2126 ፒክስል ነው። በ200 ነጥብም ቢሆን ከክንድ ርቀት ለሚታይ ፍሬም ያስኬዳል፣ ያ ደግሞ 1024 በ1417 ነው። የነፃው ፋይል 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 85 ነጥብ ብቻ ይሆናል። ስልክ ላይ አይታወቅም፤ ሲታተም ግን ሽፋሽፍቱ ይጠፋል፣ የነጠላው ጥለት መስመር መሆኑ ቀርቶ ደረጃ ደረጃ ይሠራል።

ያው ፋይል ግን ለ3 በ4 ጉርድ ፎቶ ይተርፋል፣ የሚፈልገው 354 በ472 ነውና። ስለዚህ ጎረቤትሽም «አይታተምም» ከማለቱ በፊት መጠኑን መጠየቅ ነበረበት። አፑ ሥራውን ሲጨርስ የተቀመጠውን ፎቶ ጋለሪ ውስጥ ክፈቺና ዝርዝሩን እዪ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እዚያ ተጽፈዋል። ኮከቡ ይህን አይነግርሽም። ብዙ ሰው ኮከብ የሚሰጠው ለፕሮፋይል ፎቶ ሠርቶ ስለወደደው ነው።

ባለ ፎቶ ቤቱ
እኔ ያ ጎረቤት አይደለሁም ግን ሰውየውን ልከራከርለት። ፒክስሉ ሞልቶም የሚበላሽ አለ። ነጠላ ማለት ለነዚህ አፖች ፈተና ነው። ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለው ነገር በጨርቁ ውስጥ አልፎ ይታያል፤ አፑ ደግሞ ወይ ሙሉ በሙሉ ይተወዋል ወይ ይቆርጠዋል። ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ካለ አረንጓዴው ነጠላው ውስጥ እንደገባ ይቀራል። አንኮበር ላይ ስትለጥፊው እናትሽ የቅጠል ጥላ ለብሰው ይቆማሉ። በእጅ ያልተሠራ ነገር ለፍሬም አይሆንም፤ ደንበኛም በአፕ የተሠራ መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ዲዛይነሯ
ጋሼ፣ ነጠላው ላይ እስማማለሁ። ለዚህም ነው አፕ በማስታወቂያ ፎቶው የማይመዘነው፤ እነሱ የሚያሳዩት ግራጫ ግድግዳ ፊት የቆመች ጸጉሯ የተያዘ ልጅ ነው። መመዘኛው የራስሽ ከባድ ፎቶ ይሁን። ያንኑ የእናትሽን ፎቶ ለሦስት አፕ ስጪ፣ ከዚያ ቆርጦ ያወጣውን ደማቅ ቀይ ላይ፣ ቀጥሎም ጥቁር ላይ አስቀምጪው። አንኮበር ላይ ከጀመርሽ ተራራው ጉድለቱን ይደብቅብሻል።

ዙም አድርገሽ የምታዪው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ነጠላው ጫፍ ላይ የተቋጨው ክር ነው፤ ክሩ በየተራ መታየት አለበት፣ በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ አፑ በልቶታል። ሁለተኛው ከነጠላው ሥር ብቅ ያለው ጸጉር ነው፤ ዙሪያውን የግቢው ቀለም እንደ ቀጭን ክር ከቀረ ቀዩ ላይ ወዲያው ይጋለጣል። ሦስተኛው በክንድና በወገብ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ እዚያ የአጥሩ ቁራጭ ተሰክቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንግዲህ ሦስቱም ቦታ ላይ የማይሳሳት አፕ አትፈልጊ፣ አታገኚም። የምትፈልጊው ስህተቱን የምታርሚበት የመመለሻ ብሩሽና ማጥፊያ በነፃው ክፍል ያለውን ነው። ብሩሹን በክፍያ የቆለፈ አፕ የቱንም ያህል ቢያምር ለነጠላ አይሆንሽም።

የሞላሌው
ጥሩ፣ ግን ዲቪ ላይ እነዚህን አፖች ተጠንቀቁ። ባክግራውንዱን ነጭ አድርጌ 600 በ600 አስተካክዬ፣ ከ240 ኪሎባይት በታች አድርጌ ነበር፣ ጆሮዬ ግማሹ ጠፍቶ ነው ያየሁት። የቱ አፕ ነው ጆሮ የማይቆርጥ?

ዲዛይነሯ
ወንድሜ፣ የእሷ ጥያቄ የግድግዳ ፎቶ ነው። ለዲቪ ግን አፑን ተወው። አሜሪካኖቹ መልክን የሚለውጥ ማናቸውንም ዲጂታል ማስተካከያ አይቀበሉም፣ ግማሽ ጆሮ ደግሞ መልክ መለወጥ ነው። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥረህ፣ ጥላህ እንዳያርፍበት አንድ ሜትር ያህል ፊቱ ቁመህ ተነሳ።

የሸዋ ሮቢት ልጅ
ፒክስሉ ካነሰ እኮ ማጉያ አፕ አለ። 433ቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል፣ 1732 ሆነ ማለት ነው። አለቀ።

ባለ ፎቶ ቤቱ
ቁጥሩ ይሆናል፣ ፊቱ ግን የማን ይሆናል? የጠፋውን ሽፋሽፍት ፎቶው ውስጥ አያገኘውም፣ ከሌላ ሰው ፊት የተማረውን ይሥላል። የእናት ፊት ላይ ያለው መጨማደድ ይለሰልስና ልጆቹ «ይቺ ማናት?» ይላሉ። ጥለቱም ላይ እይ፤ መስቀሉና ማዕዘኑ ገንፎ ይሆናል። ለተራራው አጉላ፣ ማንም አይከስህም።

የሸዋ ሮቢት ልጅ
ተራራው ላይ ይሁን። ለፊቱ ግን ከ85 ነጥብ ይሻላል ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ጠያቂዋ፣ ደብረ ብርሃን
እሺ፣ ስም ስጡኝ ግን። አንዱ አፕ ሠርቶ ሠርቶ «አስቀምጥ» ስል የሰባት ቀን ነፃ ሙከራ ብሎ ካርድ ጠየቀኝ። አንዱ ደግሞ ጥግ ላይ የራሱን ስም ጻፈበት።

ዲዛይነሯ
ካንቫ ላይ ባክግራውንድ ማውጫውን ታዪዋለሽ፣ ግን የሚከፈልበት ክፍል ውስጥ ነው። ፎቶሩም ጥሩ ይቆርጣል፣ በነፃው ላይ ምልክቱን ያሳርፍበታል። አዶቢ ኤክስፕረስ በነፃ አካውንት ያወጣልሻል፣ መጀመሪያ እሱን ሞክሪ። ስናፕሲድ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም፣ ግን በራሱ አይቆርጥም፤ ከተቆረጠ በኋላ ብርሃንና ቀለም ለማስታረቅ ግን እሱን የሚያህል የለም። ስልክሽ አይፎን ኤክስኤስ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ሆኖ አይኦኤስ 16 ካለው ምንም አታውርጂ፤ ጋለሪ ውስጥ እናትሽ ላይ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ስትይዢ ተቆርጠው ይወጣሉ። አዳዲስ ሳምሰንጎችም ይህ አላቸው። የዚህ ጉድለቱ የመመለሻ ብሩሽ አለመኖሩ ነው፣ የነጠላው ክር ከጠፋ ጠፋ ነው።

ሌላውን አፕ ስትሞክሪ ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ማንኛውንም ቀላል ፎቶ ክፈቺና ሳትደክሚበት አስቀምጪ። ካርድ የሚጠይቅም፣ ስሙን የሚጽፍም፣ የሚያሳንስም እዚያው ይታወቃል። ቀጥሎ የአውሮፕላን ሁነታ አብሪና ድገሚው። ካልሠራ ፎቶሽ ወደ ሰርቨር እየሄደ ነው፤ ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ግን ዳታሽን ይበላል፣ የቤተሰብ ፎቶም ከስልክሽ ይወጣል። ፎቶ ለመቁረጥ ብሎ ኮንታክትና ኤስኤምኤስ የሚጠይቀውን ሳትከራከሪ አጥፊው። በቴሌግራም «ፕሪሚየሙ የተከፈተ» ብለው የሚልኩትንም እንደዚሁ።

የነፃ ሙከራ ጀምረሽ ከሆነ አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያስቆምም። ፕሌይ ስቶር ገብተሽ ከፕሮፋይልሽ ሥር `Payments & subscriptions` የሚለው ውስጥ ነው የሚሰረዘው።

የጣርማ በሯ
ስለ አንኮበሩ ማንም አልተናገረም። የጣርማ በር ወይም የአንኮበር ፎቶ አብዛኛው ጉም ያለበት ነው፣ ብርሃኑ ልስልስ ነው፣ ጥላ የለውም። እናትሽ ቀትር ላይ ከተነሱ ከአፍንጫቸው ሥር ጥቁር ጥላ አለ። የቱም አፕ ቢቆርጣቸው ተለጥፈው ይታያሉ። እንደገና ማንሳት ከቻልሽ ከኮርኒሱ ሥር ጥላ ውስጥ አንሺያቸው፣ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ሰማይ። ከኋላቸው የመንዝ ባና አንጠልጥዪ፣ ጠቆር ያለውን፣ እሳቸውን ከባናው አንድ ሜትር ተኩል አርቂ። ነጠላ በነጭ ኖራ ግድግዳ ፊት ከሆነ አፑ ጨርቁን ከግድግዳው አይለየውም። አረንጓዴ ብርድ ልብስም አይሁን፣ ቀለሙ ነጠላው ላይ ያርፋል።

ባለ ፎቶ ቤቱ
ይሄን ነበር ስጠብቅ። አነሳሱ ከተስተካከለ ነፃው አፕም ይሠራል። አልተስተካከለም? እኔም በኮምፒውተር ሳስተካክለው ሌሊቱ ይነጋብኛል።

ጠያቂዋ፣ ደብረ ብርሃን
ሞከርኩ። የመጀመሪያው አፕ ያስቀመጠው 577 በ433 ነው፣ ዲዛይነሯ እንዳለችው። ሁለተኛው 2400 በ1800 ሰጠኝ፣ ክሩ በአንድ በኩል ተበልቷል፣ ግን ብሩሹ ነፃ ስለሆነ መለስኩት። ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስልክለት ግን 1280 በ960 ሆኖ ደረሰው!

ዲዛይነሯ
እንደ ፎቶ ስለላክሽው ነው፣ ቴሌግራም ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርደዋል። `File` ብለሽ ላኪው፣ እንዳለ ይደርሳል። ከተራራው ጋር ያላጣበቅሽውን፣ ባዶ ባክግራውንድ ያለውን ፋይል ከሆነ የምትልኪው ደግሞ ፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ ባዶነትን አይዝም፣ በነጭ ወይም በጥቁር ይሞላዋል።

ባለ ፎቶ ቤቱ
ከጥላ ሥር እንደገና ካነሳሻቸው ሁለቱንም አትመሽ ጎን ለጎን አሳዪን። ደንበኛ ይነገረው ያልኩት ላይ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የሸዋ ሮቢት ልጅ
ጋሼ፣ በኮምፒውተር የሠሩትን «በኮምፒውተር ነው» ብለው ነግረው ያውቃሉ?

ባለ ፎቶ ቤቱ
ከጠየቁኝ እነግራለሁ።