«አወጣሁት» ወይስ «ደረስኩበት»? ከመጽሐፍ የተማርነውን የሒሳብ ማረጋገጫ በየትኛው ግስ እንናገር

ማለዳ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ግስ ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

ለእህቴ ልጅና ለጓደኞቹ በአማርኛ የሒሳብ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ባለፈው ሳምንት የደረስኩት ፕራይም ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም የሚለው ማረጋገጫ ላይ ነው። የኤውክሊድ ነው፤ ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ። መጀመሪያ «ከዚህ በታች ይህን አረጋግጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ አነበበችና «አንተ ነህ እንዴ ያረጋገጥከው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

«ማረጋገጫውን አወጣሁ» ብለው ሕግ ያወጣሁ መሰለኝ። «ደረስኩበት» ብለው ባሰ፤ ከኔ በፊት ማንም ያላየው ነገር ያስመስለዋል። «ገለበጥኩት» ደግሞ ውሸት ይሆናል። መጽሐፉን ዘግቼ፣ እያንዳንዱን ነገር ገብቶኝ ነው የጻፍኩት። ታዲያ ሌላ ሰው በቀየሰው መንገድ በራሴ እግር ስሄድ ምን ልበል?

ዳኘው
ወንድሜ፣ ጥያቄህ የማስረጃና የማረጋገጫ ልዩነት ከሆነ እኔ ጠበቃ ነኝና ልንገርህ። ማስረጃ ይቀርባል፣ ይመዘናል። የሰው ማስረጃ አለ፣ የሰነድ ማስረጃ አለ። አንዱ ከሌላው ይከብዳል። ዳኛው መዝኖ «ከሳሽ አስረድቷል» ወይም «አላስረዳም» ይላል። ስለዚህ «ማስረጃው እንደሚከተለው ነው» በል፤ ማንም አይጠይቅህም።

የግዕዝ ልጅ
ጋሽ ዳኘው፣ የጠየቀው ሌላ ይመስለኛል፤ ግን ያነሱት ነገር ጥሩ ነው። «ማስረጃ» የመጣው «አስረዳ» ከሚለው ነው። እሱም ከ«ተረዳ» ጋር ዘመድ ነው። ሌላው ሰው እንዲገባው የሚያደርግ ነገር ማለት ነው። «ማረጋገጫ» ደግሞ ከ«አረጋገጠ»፤ «እርግጥ»ም «እርግጠኛ»ም ከዚያው ቤት ናቸው። እኔ «ረገጠ» ከሚለው ጋርም የሚዛመድ ይመስለኛል። መሬቱ ይይዝ እንደሆነ ረግጦ እንደማየት። አልስማማም የሚል ካለ እሰማለሁ።

«አስረግጦ ተናገረ» ግን አይምታታባችሁ። እሱ ቃልን ማጠንከር ነው። ሰው ያላረጋገጠውንም አስረግጦ ሊናገር ይችላል።

ናሆም
ማረጋገጫው ራሱ አጭር ነው፤ ምን ያከራክራል? ፕራይሞቹን በሙሉ አባዛቸው፣ 1 ጨምር፣ አዲስ ፕራይም ታገኛለህ። አለቀ። እኔ ሞክሬዋለሁ።
2+1=3
2×3+1=7
2×3×5+1=31
2×3×5×7+1=211
2×3×5×7×11+1=2311
ሁሉም ፕራይም ናቸው። «አረጋገጥኩ» ቢል ምን ችግር አለው?

መምህርት ትርሲት
ናሆም፣ እስኪ አንድ ርምጃ ቀጥል። 13ን ጨምርበት።
2×3×5×7×11×13+1=30031
30031=59×509
ፕራይም አይደለም። አምስቱ ተሳክተው ስድስተኛው ፈረሰ። አምስቱ ያቀረብካቸው ቁጥሮች ማስረጃ ናቸው፤ ጋሽ ዳኘው እንዳሉት ይመዘናሉ። ሒሳብ ውስጥ ግን ከባድ ማስረጃ እንኳ ማረጋገጫ አይሆንም። «ማስረጃው እንደሚከተለው ነው» የሚለው ለማለዳ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ማለዳ፣ ወደ ግሱ ከመሄዳችን በፊት ማረጋገጫው ምን እንደሚል እንይ። ብዙ መማሪያ መጽሐፍ የሚተርከው ኤውክሊድ ከጻፈው ይለያል። መጽሐፉ «ፕራይሞች የሚያልቁ ናቸው እንበል» ብሎ ይጀምርና ተቃርኖ ላይ ይደርሳል። ኤውክሊድ እንዲህ አላለም። ያለው በአጭሩ፣ የፈለግከውን ያህል ፕራይም ስጠኝ፤ እዚያ ውስጥ የሌለ ሌላ አሳይሃለሁ ነው። ይህ በ9ኛው መጽሐፉ 20ኛው ማረጋገጫ ላይ ነው። ሦስት ፕራይሞችን ይዞ ይሠራል፤ ያልቃሉ ብሎ አይነሳም።

በቁጥር ላሳይህ። 2ን እና 7ን ብቻ ስጠኝ። 2×7+1=15። 15 ፕራይም አይደለም፤ ግን 3×5 ነው። 3ም 5ም ከሰጠኸኝ ውስጥ የሉም። በቃ፣ አዲስ አገኘን። አዲሱ ፕራይም የግድ 15 ራሱ መሆን የለበትም፤ ከሆዱ ይወጣል። ከ30031 ሆድ 59 እና 509 እንደወጡት። ለምን የግድ አዲስ ይሆናል? ከሰጠኸኝ ፕራይሞች በየትኛውም ብታካፍለው 1 ይተርፋል።

ናሆም የሳተው «ከሆዱ ይወጣል» የሚለውን «ራሱ ነው» ብሎ ነው። ይህን ስህተት ጥሩ ተማሪዎች ሲሠሩት ዓመታት አይቻለሁ። የገባው የተቃርኖው አተራረክ በር ከፍቶለት ነው።

ናሆም
እሺ መምህርት፣ 30031ን አካፍዬ አየሁት፤ ልክ ነሽ። ግን የእኔ መጽሐፍ በግልጽ «ስለዚህ ይህ ቁጥር ፕራይም ነው» ይላል። መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው?

መምህርት ትርሲት
አልተሳሳተም፤ ጥሩ ያዝክ። እዚያ ዓረፍተ ነገሩ የቆመው «ፕራይሞች እነዚህ ብቻ ናቸው» በሚለው ግምት ውስጥ ነው። ከእነዚህ በቀር ፕራይም ከሌለ፣ በአንዳቸውም የማይካፈል ቁጥር ፕራይም ከመሆን ሌላ ምን አማራጭ አለው? በግምቱ ቤት ውስጥ ልክ ነው። ግምቱ ሲፈርስ ግን አብሮት ይፈርሳል። አንተ ከፈረሰው ቤት ዕቃ ይዘህ ወጣህ።

ማለዳ፣ በማስታወሻህ የተቃርኖውን መንገድ ከያዝክ እባክህ «ኤውክሊድ እንዲህ አረጋገጠ» አትበል። «በዛሬ መጻሕፍት እንደተለመደው» በል። ሁለቱም ትክክለኛ ማረጋገጫ ናቸው። ባለቤታቸው ግን አንድ አይደለም።

ማለዳ
የኔው የተቃርኖው ነበር! ከላዩም «የኤውክሊድ ማረጋገጫ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አስተካክላለሁ።

ሣራ ዘሜሪላንድ
እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፣ ግን ነገሩ ቤቴ ድረስ ስለመጣ ልጻፍ። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። ይህንኑ የመሰለ ማረጋገጫ ለፈተና ጻፈ። መምህሩ «ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው፣ ኮርጀሃል» አለው። ልጄ አልኮረጀም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድድ ሰምቼዋለሁ። ትክክለኛ ነገር ሲጻፍ አንድ ዓይነት ቢሆን ምን ይገርማል? ልጄ አልቅሶ ነው የመጣው።

መምህርት ትርሲት
እህቴ፣ ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል። ርምጃዎቹ መመሳሰላቸው ብቻውን ምንም አይናገርም። ይህ ማረጋገጫ የተለመደ መንገድ ነው፤ መቶ ተማሪ ቢጽፈው መቶውም ያባዛል፣ መቶውም 1 ይጨምራል።

እኔ ስመለከት የማየው ሌላውን ነው። የግድ ያልሆነውን። ፊደሎቹ እነዚያው ናቸው? ምሳሌው ያው ነው? መጽሐፉ ላይ የኅትመት ስህተት ካለ እሱም አብሮ መጥቷል? አንድ ጊዜ በእጄ የገባ ወረቀት ላይ ተማሪው 30031=59×599 ብሎ ጽፎ ነበር። ብታባዢው አይመጣም። መጽሐፉን ከፈትኩ፤ እዚያም 599 ነው የታተመው። ያንን ያመጣው ሒሳቡ ሊሆን አይችልም።

ይህም ቢሆን ልጁ ከመጽሐፉ አየ ወይስ ሸመደደ የሚለውን አይለይልኝም። ስለዚህ ጠርቼ አንድ ነገር ነው የጠየቅኩት። «ከ3 እና ከ5 ብትነሳስ?» ገብቶት ቢሆን 3×5+1=16 ብሎ፣ ከ16 ውስጥ 2ን ያወጣልኛል። ቁጭ ብሎ «16 ፕራይም አይደለም፤ ስለዚህ አይሠራም» አለኝ። የሸመደደ ልጅ ነበር። ቅጣት አላስፈለገውም፤ እንደገና ተማረው። የልጅሽ መምህርም ይህን ጥያቄ ቢጠይቀው ኖሮ ጥሩ ነበር። አንቺ ዛሬ ማታ ጠይቂው።

ሣራ ዘሜሪላንድ
እጠይቀዋለሁ። ግን ሸምድዶ ከሆነስ ዋሸ ይባላል?

የግዕዝ ልጅ
እትዬ ሣራ፣ አማርኛው ራሱ የሚለይ ይመስለኛል። «ኮረጀ» የተደበቀ ነገር አለበት። «ሸመደደ» የተደበቀ ነገር የለበትም፤ ግን መግባቱን አይናገርም። «ቀዳ» ደግሞ ከሁለቱም የጸዳ ነው፤ ከምንጩ ቀዳሁ ስትይ ምንጭ እንዳለ አብረሽ ተናግረሻል። ማለዳ፣ ለአንተ «ቀዳሁ» አይሆንም?

ማለዳ
ለድምፅና ለጽሑፍ ደስ ይላል። ለማረጋገጫ ግን «ቅጂ» ያስመስለዋል። እኔ ቃሉን አልቀዳሁም። ሐሳቡን ነው።

አባ ዘርፌ
ልጆቼ፣ በወጣትነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር የራሱን ነው የሚነግረው። የሌላ ሰው ቅኔ ሲያነሳ «የእገሌ ቅኔ ነው» ብሎ ባለቤቱን አስቀድሞ ነው። ባለቤቱን ሳይጠራ ቢያልፍ ጓደኞቹ ያውቁበታል። ዜማ ላይ ግን «ይህ የኔ ነው» የሚል የለም፤ ሁሉም የተቀበለውን ነው የሚያደርሰው። የእናንተ ማረጋገጫ ወደ ዜማው የሚቀርብ መሰለኝ። የተቀበላችሁትን ነው የምታደርሱት።

መምህርት ትርሲት
አባቴ፣ «የተቀበልኩት» ጥሩ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ለሁሉም የታወቀ ማረጋገጫ ከየት እንደተገኘ አንድ መስመር ይበቃል።

ሌላው እውነተኛነት ግን ውስጡ ነው። ማለዳ፣ «አንድ ቁጥር ከ1 ከበለጠ የሚያካፍለው ፕራይም አለ» የሚለውን የት አስቀመጥከው? 30031ን ይዘን «ፕራይም ከሆዱ ይወጣል» ያልነው በዚህ ተማምነን ነው። ኤውክሊድ በ7ኛው መጽሐፍ 31ኛው ላይ ለብቻው አረጋግጦታል። ብዙ መጻሕፍት ግን ዝም ብለው ያልፉታል፤ ወይም «ግልጽ ነው» ይላሉ።

ማለዳ
እኔም «ግልጽ ነው» ብያለሁ። እስኪ ልሞክረው። ቁጥሩን የሚያካፍሉትን ከ1 በላይ ያሉትን በሙሉ እናስብ። ከነሱ ትንሹን እንውሰድ። እሱ ፕራይም ባይሆን ኖሮ ከሱ የሚያንስ፣ ከ1 የሚበልጥ አካፋይ ይኖረው ነበር። ያም ቁጥሩን ያካፍለው ነበር። ትንሹ ግን እሱ ነው ብለናል። ስለዚህ ትንሹ ፕራይም ነው። ልክ ነው?

መምህርት ትርሲት
ልክ ነው። ሦስት መስመር ነው የወሰደብህ። ማስታወሻው ውስጥ አስገባው። ማስገባት ካልፈለግክም «ይህን እዚህ አላረጋገጥኩትም» ብለህ ጻፍ፤ «ግልጽ ነው» አትበል። ልጁ ግልጽ ሳይሆንለት ሲቀር ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ማለዳ
እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«ይህ ማረጋገጫ ከኤውክሊድ የመጣ ነው። በ3ኛው ርምጃ ላይ ያለውን የትንሹን አካፋይ ነገር ያገኘሁት በውይይት ነው። ምሳሌዎቹን እኔ መርጫለሁ። እያንዳንዱን ርምጃ አረጋግጬዋለሁ።»

የተቃርኖውን ትቼ በኤውክሊድ መንገድ ጻፍኩት።

ዳኘው
«አረጋግጬዋለሁ» ያልከው አሁን ሌላ ትርጉም ይዞ መጣ። መጀመሪያ ላይ ማረጋገጫ ሠራሁ ማለት ነበር፤ አሁን ልክ መሆኑን አየሁ ነው። እኛ ዘንድ ሰነድ ሲረጋገጥ እንደሚባለው። አንድ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል እንዴ?

የግዕዝ ልጅ
ይሸከማል። እኔ ግን መለየት ያለበት ይመስለኛል። ለመጀመሪያው «አረጋገጠ»፣ ለሁለተኛው «መረመረ» ብንልስ?

ናሆም
«መረመርኩ» ካልክ ያልገባህም መርማሪ መሆን ትችላለህ። እኔ ድምፄን ለ«አረጋገጥኩ» ነው የምሰጠው። በነገራችን ላይ 17ንም ጨምሬ አባዛሁት፤ 510511 መጣ። በ19 ይካፈላል።

ሣራ ዘሜሪላንድ
ልጄን ጠየቅኩት። «16 ሆነ፣ እና 2 አዲስ ነው» አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።